በቶስተር ኦቨን ኬክ ስትጋግሩ፦ ላዩ ሳያር ውስጡ እንዲበስል

በቶስተር ኦቨን ለመጀመሪያ ጊዜ ኬክ የጋገርኩ ቀን የምግብ አሰራሩን ቃል በቃል ነበር የተከተልኩት። 175 ዲግሪ ይላል፣ 175 ላይ አደረግኩት። 50 ደቂቃ ይላል፣ ሰዓቱን 50 ላይ ሞላሁት። ገና 22ኛው ደቂቃ ላይ ቤቱን የተቃጠለ ስኳር ሽታ ሞላው። ከፍቼ ሳየው ላዩ ጠቁሯል። አውጥቼ መሃሉን በቢላ ስቆርጠው ደግሞ ሊጡ ተዝረከረከ። ያረም ጥሬም፣ ያውም በአንድ ኬክ።

በማግስቱ እልህ ያዘኝና 140 ላይ ጋገርኩ። አሁን አላረረም። ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ፣ ላዩ ነጣ፣ ዳርና ዳሩ ደረቀ፣ እንደ ስፖንጅ መነፋት ሲገባው ደግሞ ተጠቅጥቆ ቀረ። ያኔ ነው ነገሩ ዲግሪ ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ እንደማይፈታ የገባኝ።

ሁለት ሙቀት፣ ሁለት ፍጥነት

እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ፊታችሁ ይለበለባል፣ ጀርባችሁ ይበርደዋል። በፊታችሁና በጀርባችሁ በኩል ያለው አየር ያን ያህል አይለያይም። ፊታችሁን የሚለበልበው ከፍሙ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር ነው። ቶስተር ኦቨን ውስጥ ያለው ኬክም እንደዚያው ነው።

በትልቁ ኦቨን ውስጥ ኬኩ ከማሞቂያ ዘንጎቹ ይርቃል። በብዙዎቹ ላይ የታችኛው ዘንግ ጭራሽ ከወለሉ ብረት ስር ተደብቋል። ስለዚህ ኬኩን የሚያበስለው በዋናነት የሞቀው አየርና የሞቁት ግድግዳዎች ናቸው። ሙቀቱ ከየአቅጣጫው ይመጣል፣ ዝግ ያለና እኩል ነው። በትንሹ ኦቨን ግን ዘንጎቹ ራቁታቸውን ናቸው። ከኬኩ ጫፍ ያላቸው ርቀት የጣት ርዝመት ያህል ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። ሲቀሉ በቀጥታ የሚያዩት ኬኩን ነው።

በዚያ ላይ ጉልበታቸውን ከቦታው ጋር አስተያዩት። 65 ሊትር የሚይዝ ትልቅ ኦቨን 2500 ዋት ቢኖረው ለአንድ ሊትር ቦታ 38 ዋት ገደማ ይደርሰዋል። 20 ሊትር የሚይዝ 1400 ዋት ቶስተር ኦቨን ግን ለአንድ ሊትር 70 ዋት ነው። ትንሹ ኦቨን ትንሽ ነው ብለን የምንንቀው በከንቱ ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። ጨረሩ የሚነካው ላዩን ብቻ ነው። ወደ መሃል የሚገባው ሙቀት በሊጡ ውስጥ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው እየተቀባበለ፣ በዝግታ ነው የሚሄደው። ያንን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው የሊጡ ውፍረት ነው። ኦቨኑ ትንሽ ስለሆነ መሃሉ አይቸኩልም። እንግዲህ በትንሹ ኦቨን ላዩ ይፈጥናል፣ መሃሉ ግን ያው ነው። «ቶስተር ኦቨን ቶሎ ያበስላል» የሚባለው ለስስ ነገር እንጂ ለወፍራም ነገር እውነት አይደለም። ለወፍራም ኬክ ስራችን ላዩን ማዘግየት ነው።

እንዴት እንደሚዘገይ በአንድ ኬክ ላይ እንየው። ኬኩ ተራ የቅቤ ኬክ ነው፦ 150 ግራም ዱቄት፣ 150 ግራም ቅቤ፣ 150 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላልና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። አሰራሩ ለትልቅ ኦቨን 170 ዲግሪ፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይላል እንበል።

1. ሳትለኩሱት በፊት ለኩት

ኦቨኑ ቀዝቃዛ እያለ ማስመሪያ ያዙና ከታችኛው ዘንግ እስከ ላይኛው ዘንግ ያለውን ርቀት ለኩ። የእኔ 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ ፍርግርጉ የሚገባባቸውን ቦታዎች እዩ። የእኔ ሁለት አለው፦ ዝቅተኛው ከታችኛው ዘንግ 4 ሴንቲ ሜትር፣ መካከለኛው 8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል።

አሁን ሂሳቡን እንስራ። ኬኩ ተነፍቶ ሲያልቅ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይኖረዋል። መካከለኛው ቦታ ላይ ካስቀመጥኩት 8 ሲደመር 8፣ 16 ነው። ከላይኛው ዘንግ የሚቀረው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ! ይሄ መጋገር አይደለም፣ መጥበስ ነው። የመጀመሪያው ኬኬ ያረረው በዚህ ነበር። ዝቅተኛው ቦታ ላይ ቢሆን ግን 4 ሲደመር 8፣ 12። ከላይ 6 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል።

ከላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲቀር አድርጉ። ስትለኩ ታዲያ የተነፋውን ኬክ እንጂ ጥሬውን ሊጥ አታስቡ። ሊጡ ገና ሲገባ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ያታልላል።

2. ቅርጹን በኦቨኑ ልክ ምረጡ

ለትልቅ ኦቨን የተለመደው ረጅም የኬክ ቅርጽ 23 በ13 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ ቶስተር ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ ግን ግድግዳውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። አየር የሚዞርበት ቦታ ሲያጣ ከስር የሚነሳው ሙቀት እዚያው ታፍኖ የኬኩን ቂጥ ያሳርረዋል። በየጎኑ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው። ከላይ ለጻፍኩት መጠን 20 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ይበቃል። ሊጡ ሁለት ሦስተኛውን ይሞላዋል። ከዚያ ካለፈ ትርፉን በኩባያ ቅርጽ ለብቻው ጋግሩት።

ቀለሙም ዋጋ አለው። ጥቁር ቅርጽ ጨረሩን ይውጣል፣ ነጣ ያለ የአሉሚኒየም ቅርጽ ግን ብዙውን ይመልሳል። በትልቅ ኦቨን ይህ ልዩነት ያን ያህል አያስጨንቅም። እዚህ ግን ዘንጉ አጠገብ ስለሆነ ጥቁር ቅርጽ የኬኩን ጎንና ስር ቀድሞ ያደርቀዋል። ያላችሁ ጥቁር ብቻ ከሆነ ተጨማሪ 5 ዲግሪ ቀንሱ።

መስታወት ቅርጽ እንዳትጠቀሙ እመክራለሁ። በፍም አጠገብ አንዱ ጎኑ ከሌላው ይልቅ በፍጥነት ሲሞቅ ሊሰነጠቅ ይችላል። የመጋገሪያ ወረቀት የምታነጥፉ ከሆነ ደግሞ ከቅርጹ ጠርዝ በላይ የሚወጣውን በመቀስ ከርክሙት። በትልቁ ኦቨን ጆሮው ተንጠልጥሎ ቢቀር ግድ የለም። እዚህ ግን ጫፉ ተጣጥፎ ዘንጉን ከነካ ይቀጣጠላል።

3. የቁልፉን ቁጥር አትመኑ

ቁልፉ 160 ሲል ኦቨኑ 160 ነው ማለት አይደለም። ቴርሞስታቱ ዘንጎቹን ያበራል፣ ያጠፋል፣ እንደገና ያበራል። በትንሽ ቦታ ውስጥ ይህ መወዛወዝ ይጎላል፣ ከተሞላው ቁጥር 15 ዲግሪ ከፍና ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። መጠኑን የሚለካው አካልም ብዙ ጊዜ ግድግዳው ጥግ ላይ ስለሆነ ኬኩ ያለበትን ቦታ በትክክል አያውቅም።

የኦቨን ቴርሞሜትር ፍርግርጉ መሃል ላይ አስቀምጡ። ቁልፉን 160 ላይ አድርጉና 20 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በመስታወቱ በኩል በየሁለት ደቂቃው አምስት ጊዜ አንብቡ። ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም አትያዙ፣ የአምስቱን አማካይ ያዙ። የእኔ 148፣ 160፣ 176፣ 170፣ 156 ሰጠኝ። አማካዩ 162 ነው፣ ይሄ ደህና ኦቨን ነው። የእናንተ 180 ካለ በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፉን 140 ላይ ታደርጋላችሁ ማለት ነው። ቴርሞሜትሩ ራሱም ጨረር ስለሚመታው ትንሽ ከፍ አድርጎ ማንበቡን አትርሱ። ቢሆንም ከቁልፉ ይሻላል።

4. ዲግሪውን በ10 ወይም በ15 ቀንሱ፣ ከዚያ በላይ አይደለም

አሰራሩ 170 ካለ እኛ በ155 እና በ160 መካከል እንጋግራለን። ለምን ወደ 140 አንወርድም? ሊጡ ተነፍቶ ቅርጹን እንዲይዝ ሙቀት ይፈልጋል። በጣም ሲቀዘቅዝ ቤኪንግ ፓውደሩ የፈጠረው ጋዝ ሊጡ ሳይጠነክር ያመልጣል፣ ኬኩም ይጠቀጠቃል። ረጅም ጊዜ ሲቆይ ደግሞ ይደርቃል። ሁለተኛው ኬኬ የሆነው ይሄ ነው። በዲግሪ የምናስተካክለው ትንሹን ክፍል ነው፣ ቀሪውን በርቀትና በፎይል እንጨርሰዋለን።

ኦቨናችሁ ማራገቢያ ካለውና ማጥፋት የሚቻል ከሆነ ለኬክ አጥፉት። የማይጠፋ ከሆነ ሌላ 10 ዲግሪ ቀንሱ፣ ምክንያቱም የሚነፍሰው አየር ቅርፊቱን ያፈጥነዋል።

ቁልፉም «ቤክ» ላይ መሆኑን አረጋግጡ። እየሳቃችሁ ነው አይደል? እኔ አንድ ቀን «ቶስት» ላይ ትቼው አውቃለሁ። «ቶስት» ሙቀቱን ሳይቆጣጠር ሁለቱንም ዘንግ በሙሉ ጉልበት ነው የሚያነደው።

5. ደወሉ ከጮኸ በኋላም 10 ደቂቃ ጠብቁ

ትንሹ ኦቨን በ5 ወይም በ6 ደቂቃ «ሞቄያለሁ» ይላል። የሞቀው ግን አየሩ ነው። ግድግዳው ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ ሙቀቱን እየመጠጠ ነው። ስለዚህ ዘንጎቹ ሳያርፉ ይነዳሉ። በዚያ ሰዓት ኬክ ከገባ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ፍም ስር ነው የሚያሳልፈው።

ለምን እንደሆነ ማየት ከፈለጋችሁ ሲሞቅ በመስታወቱ አጮልቁ። መጀመሪያ ዘንጎቹ ያለማቋረጥ ቀይ ናቸው። ቆይቶ ደም ይመስሉና ይጠቁራሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይቀላሉ። የጠቆሩበት ጊዜ ከቀሉበት ጊዜ እየረዘመ ሲመጣ ግድግዳው ሞቋል ማለት ነው። ያኔ አስገቡ።

ሌላም አለ። 600 ግራም የሚሆን ቀዝቃዛ ሊጥ ትንሽ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ኦቨኑን ያቀዘቅዘዋል። ቴርሞስታቱም ይደነግጥና ዘንጎቹን እንደገና ያበራቸዋል። ትልቁ ኦቨን ብዙ ብረት ስላለው ይህ አይሰማውም። ስለዚህ ቅቤና እንቁላሉን ከፍሪጅ ቀደም ብላችሁ አውጡ። ሊጡ በቤት ሙቀት ከሆነ ዘንጎቹ የሚነዱበት ጊዜ ያጥራል፣ ላዩም ይተርፋል።

6. ፎይሉን መቼ እንደምታለብሱ

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ፎይል ጨረሩን ይመልሳል፣ አየሩ ግን በጎን ይገባል። ማለትም ላዩን ያዘገየዋል፣ መሃሉን ብዙም አይነካውም።

ግን ከመጀመሪያው አታልብሱት። ላዩ ሳይጠነክር ከሸፈናችሁት ሊጡ ሲነፋ ፎይሉ ላይ ይጣበቃል፣ እንፋሎቱም ታፍኖ ላዩን ያረጥበዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። 18ኛው ደቂቃ ላይ በመስታወቱ አያለሁ። ላዩ መንቀጥቀጥ አቁሞ ከዳር እስከ ዳር ቀለል ያለ ወርቃማ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ውስጥ፣ በሩን ከፍቼ ፎይሉን አለብሳለሁ። የምትወዱት ቀለም እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ያኔ መሽቷል። ከሽፋኑ ስርም ቢሆን መቅላቱ በዝግታ ይቀጥላል።

ፎይሉን መሃሉ ላይ እንደ ቤት ጣሪያ እጠፉት። ኬኩን አይንካ። ጎንና ጎኑን በቅርጹ ጠርዝ ላይ በደንብ ቆንጥጡት፣ ካልተያዘ ተነስቶ ዘንጉን ሊነካ ይችላል። ያ አደገኛ ነው። ከስር ያለውን የፍርፋሪ ማጠራቀሚያም ፎይል አታልብሱት፣ ሙቀቱን ወደ ላይ መልሶ የኬኩን ስር ያነድደዋል።

በሩ በተከፈተበት አጋጣሚ ቅርጹን አዙሩት፣ ከኋላ የነበረው ወደ ፊት ይምጣ። የኋላው ግድግዳ ከመስታወቱ በር ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ሁለቱን ስራ በአንድ መክፈቻ የምጨርሰው በምክንያት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ያ ትንሽ አየር በሙሉ ይወጣል፣ ስትዘጉት ዘንጎቹ እንደገና ፍም ይሆናሉ። «ቆይ ልየው» እያላችሁ አምስት ጊዜ ከከፈታችሁ ኬኩን አምስት ጊዜ ለበለባችሁት ማለት ነው።

7. መብሰሉን ማረጋገጥ

አሰራሩ 45 ካለ የመጀመሪያውን ፍተሻ 40 ላይ አድርጉ። አልደረሰም ብላችሁ ግን አትደናገጡ። ዲግሪውን ቀንሰናል፣ ሸፍነነዋል፣ ስለዚህ 55 ደቂቃ ቢፈጅ የሚገርም አይደለም። የእኔ 52 ላይ ነው የደረሰው።

ስቴኪኒ መውጋት ጥሩ ነው፣ ግን በትንሹ ኦቨን ሊዋሽ ይችላል። ላይኛው ቅርፊት ወፍራም ሲሆን ስቴኪኒው ሲወጣ ሊጡን ይጠርግለታል፣ ንጹህ መስሎ ይታያችኋል። ላዩ ላይ ስንጥቅ ካለ በስንጥቁ በኩል አስገቡት። ከሁሉ የሚሻለው የምግብ ቴርሞሜትር ነው፣ መሃል ላይ ከ96 እስከ 99 ዲግሪ ካነበበ በስሏል። 90 ላይ ካወጣችሁት ሲቀዘቅዝ መሃሉ ይሰረጉዳል።

ኬኩን አንብቡት

ላዩ ጠቁሮ መሃሉ ጥሬ ከሆነ በዲግሪ አትጀምሩ። መጀመሪያ ከላይኛው ዘንግ ያለውን ርቀት እዩ፣ ቀጥሎ ፎይሉን 5 ደቂቃ አስቀድሙ። እነዚህ ካልረዱ ነው 5 ዲግሪ የሚቀነሰው።

ላዩ ደህና ሆኖ ስሩ ካረረ ኬኩ ለታችኛው ዘንግ ቀርቧል። ወደ ላይ ከፍ ማድረግ የማይቻል ከሆነ ከቅርጹ ስር ነጣ ያለ ቀጭን ትሪ አስገቡ። ትሪው ግን ከቅርጹ ብዙም አይስፋ፣ ፍርግርጉን ሙሉ በሙሉ ከዘጋው ከስር የሚመጣውን ሙቀት ይከለክላል።

ወደ አንድ ጎን ብቻ ካበጠ ያበጠው ጎን ቀዝቃዛው ነው። የሞቀው ጎን ቶሎ ጠንክሮ ቆመ፣ ሊጡም ገና ለስላሳ ወደ ሆነው በኩል ሸሸ። ላዩ ቀድሞ ስለሚጠነክር ፎይል ስታለብሱ ማዞሩ ለዚህ አያደርስም። በሚቀጥለው ጊዜ ቅርጹን ከሞቀው ግድግዳ ትንሽ አርቁት።

መሃሉ እንደ እሳተ ገሞራ ተሰንጥቆ ከወጣ ቅርፊቱ ቸኩሏል። ጣዕሙን አይጎዳም፣ እኔ እንደውም እወደዋለሁ።

ስስ ለሆነ ነገር

ብስኩት ስትጋግሩ ነገሩ ይገለበጣል። ብስኩት መሃል የለውም ማለት ይቻላል፣ ሙቀቱ ላዩን እንደነካው ውስጡ ደርሷል። ስለዚህ እዚህ ጊዜው በእርግጥ ያጥራል። አሰራሩ 12 ደቂቃ ካለ በ8 ጀምራችሁ አትራቁ። ፎይል አያስፈልግም፣ መካከለኛው የፍርግርግ ቦታም ይሆናል። ዲግሪውን ግን በ10 ቀንሱ።

ሁለተኛ ዙር ስታስገቡ ተጠንቀቁ። ግድግዳው አሁን በደንብ ስለሞቀ የመጀመሪያው ዙር 9 ደቂቃ ከፈጀ ሁለተኛው 8 ሊሆን ይችላል። ትሪውንም አቀዝቅዙት፣ በጋለ ትሪ ላይ የተቀመጠ ሊጥ ኦቨን ሳይገባ ቅቤው ቀልጦ ይንጣለላል።

ለኬክ ግን ሁለተኛ ዙር የምጋግር ከሆነ በሩን ሁለት ደቂቃ ያህል ከፍቼ አስተነፍሰዋለሁ፣ ከዚያ ዘንጎቹ በርተው እስኪጠፉ ጠብቄ አስገባለሁ። ፎይሉን ደግሞ በ22 ፋንታ 19 ላይ።